ሁለት መልስ ያለው የምርጫ ጥያቄ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ፊዚክስ አስጠናለሁ። የምንገናኘው ማታ ነው፤ ቀኑን ሙቀቱ አያስቀምጥም። ሞዴል ፈተና በተፈተኑ ማግስት ሁሌም አንድ ክርክር ይነሳል። አንዱ «አቦ ቲቸር፣ ይሄ እኮ ሁለት መልስ አለው» ይላል። ሌላው «ቁልፉ ነው የተሳሳተው» ይላል። ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም። መፍትሄያቸውም የተለያየ ነው። ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ እና ቁልፉ የተሳሳተ ጥያቄ በምን ይለያያሉ?

በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለያያሉ። እያንዳንዱ መልስ ትክክል የሚሆነው አንድ ነገር ሲታሰብ ነው። ያንን የታሰበውን ነገር፣ ማለትም ታሳቢውን፣ በወረቀት ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ከዚያ ጥያቄውን እንደገና አንብቡና ዓረፍተ ነገሩ ጥያቄው ውስጥ ካለ ቃል ጋር ይጋጫል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

የሁለቱም አማራጮች ታሳቢ ካልተጋጨ ጥያቄው በእርግጥ ሁለት መልስ አለው። የቁልፉ ታሳቢ ከጥያቄው ጋር ከተጋጨ፣ ወይም ቁልፉን ትክክል የሚያደርግ ታሳቢ ጭራሽ ካልተገኘ፣ የተሳሳተው ቁልፉ ነው። ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው።

«ንጹህ ውሃ የሚፈላው በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው?» 94 እና 100 ሁለቱም አማራጭ ውስጥ ነበሩ። የቱ ነው ልክ?

ይህን የጠየቀችኝ ሐረር የምትማር ልጅ ናት፤ ለእረፍት አክስቷ ጋ ወርዳ ነው። አማራጮቹ ሀ) 90፣ ለ) 94፣ ሐ) 100፣ መ) 106 ነበሩ። እሷ ለ አጠቆረች። ቁልፉ ሐ ይላል። «በዓይኔ ያየሁትን ነው የመለስኩት፣ ላብራቶሪ ውስጥ ስንለካ 94 ነው የወጣው» አለችኝ። ልክ ናት። ቁልፉም ልክ ነው።

ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚወጣው የእንፋሎት ግፊት ከላይ የሚጫነውን የአየር ግፊት ሲስተካከለው ነው። ከፍ ወዳለ ቦታ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃው ሳይግል ቶሎ ይፈላል። በባህር ወለል ላይ፣ ለምሳሌ ጅቡቲ ወደብ ላይ፣ ግፊቱ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ግፊቱ ወደ 88 ይወርዳል። ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ 81 ገደማ ነው።

ለእጅ ስሌት የሚመች ልማድ አለ፦ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ቀንሱ። ለድሬዳዋ 1,200 ለ300 ሲካፈል 4 ነው፤ ስለዚህ 96 ዲግሪ። ለሐረር 1,885 ለ300 ሲካፈል 6.3 ገደማ ነው፤ ስለዚህ 93.7 ዲግሪ፣ ሲጠጋጋ 94። የልጅቷ ቴርሞሜትር አልዋሸም። ደደር ወይም ሐረር ያደገ ሰው ነገሩን ከወጥ ቤት ያውቀዋል፤ ባቄላው እየተንተከተከም ለመብሰል ከድሬው የበለጠ ይቆያል። የሚፈላው ውሃ ራሱ ያን ያህል አይግልማ።

«ጨው ገብቶበት ይሆናል» ብሎ የተከራከረም ነበር። ጨው ግን ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል እንጂ አያወርድም። ያውም አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ ዲግሪ ለመጨመር ወደ 58 ግራም ጨው ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ከጨዋማነቱ የተነሳ አፍ የሚገባ አይደለም። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ታች ሲነካ የሚያሳየው የድስቱን ሙቀት ነው። ስለዚህ ስትለኩ ጫፉ ውሃው መሃል ይንጠልጠል። የትምህርት ቤት ቴርሞሜትር አንድ ዲግሪ ያህል ወዲያ ወዲህ ሊል ይችላል። ስድስት ዲግሪ ግን በመሳሪያ ስህተት የሚታለፍ ልዩነት አይደለም።

አሁን ወደ ታሳቢው እንመለስ። የ94 ታሳቢ፦ «ውሃው የፈላው ሐረር ላይ ነው።» የ100 ታሳቢ፦ «የአየር ግፊቱ አንድ አትሞስፌር ነው።» ሁለቱም ከጥያቄው ጋር አይጋጩም፤ ጥያቄው ስለ ቦታም ስለ ግፊትም ምንም አላለም። ስለዚህ ሁለቱም የሚያከራክሩ መልሶች ናቸው።

የተሻለው የትኛው ነው? ሐ ነው። ጥያቄው ዝም ሲል ክፍተቱን የሚሞላው እናንተ ያያችሁት ሳይሆን ትምህርቱ የተስማማበት ልማድ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ የውሃን የሚፈላበት ሙቀት ሲሰጥ በአንድ አትሞስፌር ግፊት ነው። ያንን ሁሉም ተማሪ ያውቀዋል፤ የሐረርን ከፍታ ግን ሁሉም አያውቅም። ለጎዴ ተማሪም ለደብረ ብርሃን ተማሪም እኩል የሚሆነው ታሳቢ እሱ ነው።

ጥያቄው «ሐረር» ብሎ ቦታውን ቢጠቅስስ?

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። «አንዲት ተማሪ ሐረር ከተማ ውስጥ ንጹህ ውሃ ክዳን በሌለው ድስት አፈላች። ውሃው የሚፈላው በስንት ዲግሪ ነው?» ከተባለ፣ የ100 ታሳቢ «ግፊቱ አንድ አትሞስፌር ነው» የሚለው ስለሆነ ሐረር ላይ አይሆንም። ተጋጨ። ክዳን የለውም መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፕሬዠር ኩከር እንዳታስቡ ነው። መልሱ 94 ነው። ቁልፉ 100 ካለ ቁልፉ ተሳስቷል።

ግን ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ጥያቄ የሚያወጣ ሰው የከተማ ስም እንዲሁ ለማሳመሪያ ይጨምራል። «አንድ ሰው ሐረር ላይ 5 ኪሎ ጤፍ ገዛ» ሲባል ሐረር ምንም ሥራ የላትም። የቱ ቃል ሥራ እንዳለው፣ የቱ ለጌጥ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

እኔ አማራጮቹን አያለሁ። የተሳሳቱ አማራጮች ዝም ብለው አይጻፉም፤ ጥያቄ አውጪው ተማሪ የሚሳሳትበትን መንገድ አስቦ ነው የሚያስቀምጣቸው። ስለዚህ እያንዳንዱን አማራጭ «አንተ ከየት መጣህ?» ብላችሁ ጠይቁት። 106 ከየት መጣ? ከፍታው ሙቀቱን ይጨምራል ብሎ ስድስቱን ወደ ላይ ከደመረ ተማሪ። 100 ከየት መጣ? ከፍታውን ከረሳ ተማሪ። 94ስ? በስህተት ወደ 94 የሚያደርስ መንገድ የለም። እዚያ የሚደረሰው ከፍታውን በትክክል በማስላት ብቻ ነው። 106ም ራሱ ምስክር ነው፤ አውጪው ስድስት ዲግሪዋን አስቦባታል ማለት ነው። ስለዚህ «ሐረር» ለጌጥ የገባች ቃል አይደለችም።

አማራጮቹ 50፣ 75፣ 100 እና 150 ቢሆኑ ኖሮ ግን ሐረር ብትጠቀስም መልሱ 100 ነበር። ምክንያቱም ለ94 የሚቀርበው እሱ ነው። «የተሻለውን ምረጥ» ማለት ይሄው ነው፤ ፍጹሙ በሌለበት፣ ከቀረቡት ለእውነቱ የሚጠጋውን።

ቁልፉ መሳሳቱን እርግጠኛ የምሆነው መቼ ነው?

በሚኒባሱ ጥያቄ ላሳያችሁ። «አንድ ሚኒባስ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ወጣ። በዚያው መንገድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ተመለሰ። የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው?» ሀ) 45፣ ለ) 48፣ ሐ) 50፣ መ) 52። ከእጅ ወደ እጅ ይዞር በነበረ አንድ የጥያቄ ጥራዝ ላይ ቁልፉ ሐ ይላል። እኔም ከዓመታት በፊት ሳላጣራ በዚያ ቁልፍ አርሜ ልጆች ላይ ነጥብ ቀንሻለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

አማካይ ፍጥነት ማለት ጠቅላላ ርቀት ሲካፈል ለጠቅላላ ጊዜ ነው። የሁለቱ ከተሞች ርቀት ለስሌት እንዲመች 48 ኪሎ ሜትር ይሁን እንበል። በደንገጎ ዳገት ስንወጣ 48 ለ40 ሲካፈል 1.2 ሰዓት፣ ማለትም 72 ደቂቃ ይፈጃል። ስንወርድ 48 ለ60 ሲካፈል 0.8 ሰዓት፣ ማለትም 48 ደቂቃ። ድምሩ 120 ደቂቃ፣ ሁለት ሰዓት። ርቀቱ ደርሶ መልስ 96 ኪሎ ሜትር። 96 ለ2 ሲካፈል 48። ርቀቱን 48 በማለታችን አይደለም 48 የመጣው፤ 60 ወይም 100 ብትሉትም መልሱ ያው ነው። ሞክሩት።

50 ትክክል የሚሆንበት ታሳቢ አለ ወይ? አለ፦ «ሚኒባሱ በ40 እና በ60 የነዳው ለእኩል ጊዜ ነው።» አሁን ጥያቄውን እናንብብ። «በዚያው መንገድ ተመለሰ» ይላል። በአንድ መንገድ ላይ ርቀቱ እኩል ነው። ርቀቱ እኩል ሆኖ ፍጥነቱ ከተለያየ ጊዜው እኩል ሊሆን አይችልም፤ በ40 የወጣው 72 ደቂቃ ሲፈጅበት በ60 የወረደው 48 ነው የፈጀበት። ታሳቢው ከጥያቄው ጋር ተጋጨ። ስለዚህ «ሁለት መልስ አለው» የሚባል ነገር የለም። መልሱ 48 ነው፣ ቁልፉ ተሳስቷል።

ልብ በሉ፣ 50 ከየት እንደመጣም እናውቃለን። 40 እና 60ን ደምሮ ለሁለት ያካፈለ ሰው የሚያገኘው ነው። ቁልፉ ላይ የተቀመጠው ቁጥር ተማሪን ለማጥመድ የሚቀመጠው ራሱ ሲሆን፣ ቁልፉን የሠራው ሰው በወጥመዱ ገብቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። መጠርጠር ብቻ አይበቃም፤ ስሌቱ ነው የሚያረጋግጠው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ጥያቄው «አቬሬጅ ቬሎሲቲ» ብሎ ከሆነ መልሱ ዜሮ ነው፤ ሚኒባሱ ከተነሳበት ተመልሷልና። በአማርኛ ስፒድንም ቬሎሲቲንም «ፍጥነት» የሚል ሰው ብዙ ነው። አማራጮቹ ውስጥ 0 ካለ ቃሉን ደግማችሁ አንብቡ።

የዓመተ ምህረት ጥያቄ ላይስ? 1895 እና 1902 አብረው ሲመጡ?

«የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በየትኛው ዓመት ነው?» ሀ) 1895፣ ለ) 1902፣ ሐ) 1909፣ መ) 1917። ሐዲዱ ድሬ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1895 ዓ.ም.። ሀ እና ለ አንድ ቀን ናቸው። ሐ እና መም እንዲሁ አንድ ናቸው፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰበት ዓመት በሁለቱ አቆጣጠሮች ነው። እዚህ ላይ «አማራጩ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ አያድነንም፤ አራቱም ከእውነት ነው የመጡት።

ያለን ማስረጃ ወረቀቱ ራሱ ነው። ሌሎቹን ጥያቄዎች ገልብጣችሁ እዩ። በሌላ ጥያቄ የአድዋ ድል «1888» ተብሎ ከተጻፈ ፈታኙ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሚያወራው፤ ሀን አጥቁሩ። «1896» ከተባለ ለን። ምንም ፍንጭ ከሌለ ቋንቋውን እዩ። በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት «እ.ኤ.አ.» ካላለ የኛን አቆጣጠር ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የታሪክ ፈተና ከሆነ መማሪያ መጽሐፉ የሚጠቀምበትን ተከተሉ።

ፈተና ላይ ተቀምጬ ሁለት መልስ ቢታየኝ ምን ላድርግ? ሁለቱንም ባጠቁርስ?

ሁለቱን አታጥቁሩ። በማሽን የሚታረም ወረቀት ላይ ሁለት ቦታ የጠቆረ ጥያቄ ነጥብ አያገኝም።

በመጀመሪያ ጥያቄውን ከነቃሎቹ እንደገና አንብቡ። «በግምት»፣ «ከሁሉም በላይ»፣ «ያልሆነው»፣ «ሁልጊዜ» የሚሉ ቃላትን ዘልላችሁ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ከሚመጡልኝ «ሁለት መልስ አለው» ጥያቄዎች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይፈታሉ። ካልተፈታ ረቂቅ ወረቀታችሁ ላይ ታሳቢዎቹን በሁለት ሦስት ቃል ጻፉ፦ «ለ፦ ሐረር»፣ «ሐ፦ 1 አትም»። ከጥያቄው ጋር የማይጋጨውን፣ ሁለቱም ካልተጋጩ ደግሞ የመጽሐፉን ልማድ የሚከተለውን አጥቁሩና እለፉ። አንዲት ጥያቄ ከሁለት ደቂቃ በላይ አትስጧት። ጥያቄዋ ላይ ምልክት አድርጋችሁ መጨረሻ ላይ ተመለሱባት።

ፈታኙን መጠየቅ ትችላላችሁ። ግን «የቱ ነው መልሱ?» አትበሉ። «ቲቸር፣ 17ኛው ጥያቄ ላይ ግፊቱ አልተጻፈም፣ የተዘለለ ነገር አለ እንዴ?» በሉ። የህትመት ስህተት ከሆነ ለክፍሉ ሁሉ ይነገራል። ካልሆነም ቅሬታ ብታቀርቡ በዚያን ሰዓት መጠየቃችሁ ይጠቅማችኋል።

አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ቁልፉ ይሳሳታል ብላችሁ በመፍራት የተሳሳተ መልስ አታጥቁሩ። የሚኒባሱ ጥያቄ ሲመጣ «ጥራዙ ላይ 50 ይላል» ብሎ 50 ያጠቆረ ልጅ አውቃለሁ። 48 መሆኑን አስልቶ ጨርሶ ነበር። የመጣበት ፈተና ቁልፍ ትክክል ነበር።

መጻፍ በሚፈቀድበት ፈተና ላይ ታሳቢዬን እንዴት ልጻፍ?

በክፍል ፈተና፣ ወይም ማብራሪያ በሚጠይቅ ጥያቄ ላይ፣ ታሳቢያችሁን ከስሌቱ በፊት በአንድ መስመር ጻፉ። ከስሌቱ በኋላ የተጻፈ ታሳቢ መልስን ለማዳን የመጣ ሰበብ ይመስላል።

ታሳቢ ሦስት ነገር ይኑረው፦ ምን እንዳሰባችሁ፣ ለምን እሱን እንደመረጣችሁ፣ ሌላው ቢሆን ምን እንደሚለወጥ። ለምሳሌ፦ «የስበት ሽምጠጣ 10 ብዬ ወስጃለሁ፣ ምክንያቱም አማራጮቹ ሙሉ ቁጥር ናቸው። በ9.8 ቢሰላ ከ2 ሰከንድ በኋላ ርቀቱ 20 ሳይሆን 19.6 ሜትር ይሆናል።» በቃ። ከዚህ በላይ አትርዝሙት።

የማይሠራ ታሳቢም አለ። «መልሱ ለ እንዲሆን ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው ብዬ አሰብኩ» ማለት ከመልሱ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ታሳቢው ከጥያቄው ወይም ከትምህርቱ ልማድ መነሳት አለበት። ደግሞም የተሰጠን ነገር አትሻሩ። ጥያቄው «የአየር ግጭት የለም» ካለ «እውነተኛው ዓለም ላይ ግጭት አለ» ማለት ታሳቢ አይደለም፤ ሌላ ጥያቄ መመለስ ነው።

ለመምህሬ ቅሬታ እንዴት ላቅርብ? ይቆጡኛል ብዬ እፈራለሁ።

ብዙ መምህራንን የሚያስቆጣው ቅሬታው ራሱ አይደለም። ክፍል ውስጥ ሁሉም ባለበት «ተሳስተሃል» መባሉ ነው። እረፍት ሰዓት ላይ ብቻቸውን አግኟቸውና አጭር ጽሑፍ ስጧቸው። ጥያቄውን ሳትቀንሱ ሳትጨምሩ ገልብጡት፣ ቁልፉ የሚለውን ጻፉ፣ ስሌታችሁን አሳዩ፣ የምትጠይቁትን ተናገሩ። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለተከበሩ መምህር፣ የጥያቄ ቁጥር 12 መልስ ቁልፉ ላይ 50 ተብሏል። ሚኒባሱ የሄደውና የተመለሰው በአንድ መንገድ ስለሆነ ሁለቱን ርቀቶች እኩል አድርጌ አስልቻለሁ። 48 ኪሎ ሜትር ቢሆን መሄጃው 72፣ መመለሻው 48 ደቂቃ ይወስዳል፤ አማካዩ 48 ይመጣል። 50 የሚመጣው ጊዜው እኩል ሲሆን ነው፣ ያ ደግሞ ከጥያቄው ጋር አልገጠመልኝም። እኔ የሳትኩት ካለ ቢያሳዩኝ፣ ካልሆነም ቁልፉ ቢታይልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

አራተኛዋን ዓረፍተ ነገር አትርሱ። የቁልፉን ሐሳብ ከእሳቸው ቀድማችሁ በቅንነት ማስረዳታችሁ ነው ጽሑፉን የሚያስነብበው። ለሐረሯ ልጅ ግን ሌላ ነገር ነው የመከርኳት። የእሷ ጥያቄ ቁልፉ አልተሳሳተም፤ ስለዚህ «ቁልፉ ይቀየር» ሳይሆን «ቦታ ስላልተጠቀሰ 94ም እንዲያዝልኝ» ነው መጠየቅ ያለባት። መምህሯ እሺ ላይሉ ይችላሉ፣ መብታቸውም ነው።

መምህር ነኝ። ቅሬታው ልክ ሆኖ ካገኘሁት ነጥቡን ምን ላድርገው?

እንደ ስህተቱ ዓይነት ነው። ቁልፉ ብቻ ከተሳሳተ ቁልፉን አስተካክላችሁ የሁሉንም ወረቀት እንደገና አርሙ፤ ቅሬታ ያላቀረበውንም ጭምር። ሁለት መልስ ካለው ሁለቱንም ተቀበሉ። ልክ የሆነ አማራጭ ጭራሽ ከሌለው ብቻ ጥያቄውን ሰርዙት።

ብዙዎቻችን ሲጨንቀን መሰረዙ ይቀለናል። ግን መሰረዝ ፍትሐዊ የሚመስለውን ያህል አይደለም። ከ40 ጥያቄ 30 ያገኘች ተማሪ 75 ከመቶ አላት። የተሰረዘውን በትክክል መልሳ ከነበረ 29 ከ39 ትሆናለች፣ ወደ 74.4 ትወርዳለች። ያንኑ ጥያቄ የሳተው ባለ 30 ጓደኛዋ ደግሞ 30 ከ39 ሆኖ ወደ 76.9 ይወጣል። ልክ የሠራችው ተቀጣች፣ የሳተው ተሸለመ።

ቅሬታ ሳይመጣም የቁልፍ ስህተት ከወረቀቶቹ ላይ ይታያል። ወረቀቶቹን በውጤት ደርድሩና ከላይ አሥሩን ከታች አሥሩን ለዩ። በጤነኛ ጥያቄ ላይ ቁልፉን በብዛት የመረጡት ከላይ ያሉት ናቸው። ከላይ ያሉት ተሰብስበው አንድ ሌላ አማራጭ ላይ ካረፉ፣ ቁልፉን የመረጡት ደግሞ ከታች ያሉት ከሆኑ፣ ቁልፉን ፈትሹ። ከላይ ያሉት ለሁለት እኩል ከተከፈሉ ጥያቄው ሁለት መልስ ያለው ሊሆን ይችላል። ይሄ ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም። አንድ መምህር ለክፍሉ በሙሉ የተሳሳተ ነገር አስተምሮ ከሆነ ጎበዞቹ ናቸው አብረው የሚሳሳቱት፤ በደንብ የያዙት እነሱ ስለሆኑ።

ጥያቄ ስጽፍ መልሱ ለሁለት እንዳይከፈል ምን ልጨምር?

ተማሪው ረቂቁ ላይ ሊጽፈው የሚገደደውን ታሳቢ እናንተ ጥያቄው ውስጥ ጻፉት። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል፦ «በአንድ አትሞስፌር ግፊት»፣ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር»፣ «የስበት ሽምጠጣ 10 ተብሎ ቢወሰድ»። ከዚያ ወረቀቱን ጥያቄውን ላላየ ባልደረባ ስጡትና ቁልፉን ሳታሳዩት ይሥራው። መልሱ ከቁልፋችሁ ጋር ካልገጠመ ከጥያቄውና ከቁልፉ አንዱ መታረም አለበት።

ሰሞኑን አንድ የሐረር መምህር ወዳጄ «የጀጎል ግንብ ስንት በር አለው?» የሚል ጥያቄ አሳየኝ፤ 5 እና 6 ሁለቱም አማራጭ ውስጥ ነበሩ። እሱ 5 ብሎ ነበር ቁልፉን የያዘው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር እና ፈላና በር። የገዛ ልጁ ግን በየቀኑ በሐረር በር ነው የሚገባው፣ መኪናው በሚያልፍበት፣ ኋላ ላይ በተከፈተው። ልጁ ስድስት ብሎ ቆጠረ። ጥያቄውን «ከጥንት ጀምሮ የነበሩት የጀጎል በሮች ስንት ናቸው?» ብለን አስተካከልነው። ልጁ እንደገና ሲሠራው 5 አለ።